ማንንም የማይጎዳ ጥሰት፦ የሕፃናትና የእንስሳት ቀልድ ለምን ያስቃል፣ ለምንስ ይዛመታል?

«ሕፃን ሲንከባለል፣ ድመት ፊቷን ስታኮሳትር ማየት ደስ ይላል፤ ግን ይህ ምኑ ነው ቀልድ? ሰውስ ለምን እንዲህ ይቀባበለዋል?» ስትል አገር ቤት ያለች የአክስቴ ልጅ ጠይቃኛለች።

ደስ የሚል ነገር ሁሉ አያስቅም። የተኛ ሕፃን ፎቶ ስናይ ፊታችን ይፈታል፣ «ይደግ» ብለን እንመርቃለን እንጂ አንስቅም። ያው ሕፃን አባቱ በቁም ነገር ሲናገር ሳለ በሩን ገፍቶ ቢገባ ግን ሳቃችን ያመልጠናል። በሁለቱ መካከል ሕፃኑ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አንድ ደንብ መፍረሱ ነው። ፒተር ማክግሮው እና ኬሌብ ዋረን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት ሳቅ የሚመጣው አንድ ነገር መሆን የሌለበት ሆኖ ሲታየን፣ ያው ነገር በዚያው ቅጽበት ምንም ክፉ እንደሌለበት ስንረዳ ነው የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ሐሳቡን «ጉዳት የሌለው ጥሰት» ብለን ልንጠራው እንችላለን። ጥሰቱ ከሌለ ውበት ብቻ ይቀራል፤ ጥሰቱ በእውነት የሚጎዳ ከሆነ ደግሞ ድንጋጤ ወይም ቁጣ ይሆናል። ክፋት የሌለባቸው የቤተሰብና የእንስሳት ሚሞች፣ ማለትም ሰው በኢንተርኔት የሚቀባበላቸው አስቂኝ ምስሎችና ቪዲዮዎች፣ የሚቆሙት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ጠባብ ቦታ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከቀልድ ጎራ የሚያስወጣቸው ምክንያት አይታየኝም።

ነገሩን በአንድ የታወቀ ቪዲዮ እንየው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2017 የደቡብ ኮሪያ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ፓርክ ጉን-ሄን ከሥልጣን ማንሳቱን ባጸደቀበት ዕለት፣ በቡሳን ከተማ የሚኖሩት የፖለቲካ ሳይንስ ፕሮፌሰር ሮበርት ኬሊ ከቤታቸው ሆነው በቀጥታ ስርጭት ለቢቢሲ ማብራሪያ ይሰጡ ነበር። ከኋላቸው ያለው በር ተከፈተና ቢጫ ሹራብ የለበሰች ትንሽ ልጃቸው ክንዶቿን እያወዛወዘች፣ በኩራት እየተራመደች ገባች። ፕሮፌሰሩ ዓይናቸውን ከካሜራው ሳያነሱ በእጃቸው ገፋ አደረጓት። ጥቂት ቆይቶ ገና መራመድ ያልቻለው ታናሽ ወንድሟ በባለ ጎማ የመራመጃ መለማመጃው ላይ ሆኖ ተከተላት። በመጨረሻ እናታቸው ልትወድቅ እስኪደርሳት ድረስ እየተንሸራተተች ገባችና ሁለቱንም ጎትታ አስወጣች፤ በሩንም ለመዝጋት በጉልበቷ ተንበርክካ ተመለሰች። ይህ ሁሉ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

እዚህ ውስጥ የፈረሰው ደንብ ግልጽ ነው። ስለ አንድ አገር መንግሥት ዕጣ የሚደረግ ንግግር ክብር ይፈልጋል፣ የሚናገረውም ሰው ቤት እንደሌለው፣ ልጅ እንደሌለው ሆኖ እንዲታይ ይጠበቅበታል። የጣሰችው ደግሞ ደንቡ መኖሩን እንኳ የማታውቅ ሕፃን ናት። ሕፃንነት ጥሰቱን ጉዳት አልባ የሚያደርግልን እዚህ ላይ ነው። ኦስትሪያዊው የእንስሳት ባሕርይ ተመራማሪ ኮንራድ ሎሬንዝ እ.ኤ.አ. በ1943 እንደጻፈው ትልቅ ጭንቅላት፣ ትላልቅ ዓይኖች፣ ክብ ጉንጭና ያልጠነከረ እንቅስቃሴ ሲያይ የሰው አንጀት ይራራል፤ ቡችላና የድመት ግልገልም ይህንኑ መልክ ስለያዙ ያንኑ ርኅራኄ ይቀሰቅሳሉ። እንዲህ ያለ ፍጡር ደንብ ሲያፈርስ ተመልካቹ ተንኮል አይፈልግበትም። አንድ አዋቂ ሰው በዚያው በር በዚያው አረማመድ ቢገባ ኖሮ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ማን ነው? ምን ፈልጎ ነው?» ብለን ነበር፤ በጥያቄው መካከልም ሳቁ ይጠፋል።

ጥሰቱ ጉዳት የሌለው መሆኑ ግን ሁልጊዜ ለሁሉም እኩል አይታይም። ከተመልካቾቹ መካከል ፕሮፌሰሩ ልጃቸውን የገፉበትን እጅ እንደ ቁጣ የቆጠሩ ነበሩ፤ እነርሱ አልሳቁም። ሌሎች ደግሞ ኮሪያዊቷን እናት የቤት ሠራተኛ አድርገው ወሰዷትና በሩጫዋ ውስጥ ከሥራ እባረራለሁ የሚል ፍርሃት አነበቡ። እኔ በሰው አገር የምኖር ሰው ነኝና፣ በአንዲት እናት ላይ በመልኳ ብቻ የተሰጠው ይህ ፍርድ በጣም አሳዝኖኛል። ለቀልዱ አፈጣጠር ግን ትልቅ ነገር ያሳያል፦ የሚያዩት ምስል አንድ ሆኖ ሳለ፣ እናት ናት ብሎ ያየ ሰው ሳቀ፣ የተፈራች ሠራተኛ ናት ብሎ ያየ ሰው ተሳቀቀ። ቤተሰቡ በኋላ ጋዜጠኞችን ሰብስቦ የሆነውን ሲያስረዳ አባትየው በሩን መቆለፍ እንደረሱ፣ እናትየው ሳሎን ሆና ባሏን በቴሌቪዥን ስትከታተል ልጆቹ እንዳመለጧት ተናገሩ፤ ሲጠራጠሩ የነበሩትም ብዙዎቹ ተረጋጉ።

መዛመቱን በተመለከተ ብዙ ሰው «ደስ ስለሚል ነው» ይላል፤ መልሱ ግን ያን ያህል ቀላል አይደለም። ጆና በርገር እና ካትሪን ሚልክማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ሰባት ሺህ ገደማ የኒውዮርክ ታይምስ ጽሑፎችን መርምረው፣ ሰው ለሌላው የሚልከው ስሜቱን የሚያነቃቃውን ነገር መሆኑን አሳይተዋል። አድናቆትም ቁጣም ጭንቀትም ያነቃቃሉ፤ ሐዘን ግን ያቀዘቅዛል፣ ሐዘን ያለበት ጽሑፍም የመላክ ዕድሉ ያንሳል። ዝም ያለ ደስታ ሰውን ባለበት ያስቀምጠዋል፤ ሳቅ ግን ከተቀመጠበት ያነሳዋል። የተኛው ሕፃን ፎቶ ተወድዶ እዚያው የሚቀረው፣ በሩን ገፍቶ የገባው ሕፃን ቪዲዮ ግን ከስልክ ወደ ስልክ የሚሻገረው ለዚህ ይመስለኛል።

ቁጣም ያነቃቃል ካልን፣ ንጹሑ ቀልድ ከቁጣ የሚለየው በሚደርስበት ሰው ብዛት ነው። የሚያስቆጣ ነገር የምንልከው ከእኛ ጋር ለሚቆጣው ነው፤ ስላቅ የምንልከውም የሚሰደበውን ወገን ለማይወደው ነው። ሰው ከመላኩ በፊት «ይህን እገሌ ቢያየው ይቀየመኛል?» ብሎ ያስባል፣ በዚያም ምክንያት ብዙ ቀልድ መንገድ ላይ ይቀራል። የሚዋረድ ሰው የሌለበት ቀልድ ይህ ማጣሪያ አይነካውም። ለአለቃም፣ ለአያትም፣ ለተኳረፉት ጓደኛም ሊላክ ይችላል። እንዲያውም ከረጅም ዝምታ በኋላ ወሬ ለመጀመር ሰው ከዚህ የተሻለ ሰበብ አያገኝም፤ ቪዲዮው የሚያስፈልገው ለራሱ ሳይሆን «አስቤሃለሁ» ለማለት ነው። በርቀት የሚኖር ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ያንኑ ቪዲዮ በሁለት ወገን ሲዞር አይቼዋለሁ። እዚህ ውጭ አገር በሥራ ባልደረቦቼ ቡድን ውስጥ ሲመጣ ሁሉም የተመለከተው አባትየውን ነበር፤ ፊታቸውን ሳይለውጡ ለመቀጠል ያደረጉት ትግል፣ ይቅርታ ሲጠይቁ ድምፃቸው መለወጡ፣ «እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር?» የሚለው ሐሳብ ነበር የሚያነጋግረው። አገር ቤት ባለው የቤተሰብ ቡድናችን ሲመጣ ግን አባትየውን ያነሳ ሰው አልነበረም። ሁሉም ስለ ልጅቷ አረማመድ ነበር የሚጽፈው፤ እያንዳንዱም በዚያ አረማመድ የሚገባ የራሱን ልጅ ወይም የወንድሙን ልጅ እየጠራ «እሷው ናት!» ይል ነበር። ባልደረቦቼ ያዩት የሥራ ደንብ ሲፈርስ ነው፣ ዘመዶቼ ያዩት የትልልቆች ጨዋታ በልጅ ሲቋረጥ ነው። ቪዲዮው ድንበር የሚሻገረው ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ስለሚያይበት ሳይሆን፣ ያለ አንዳች ቃል እያንዳንዱ የራሱን ደንብና የራሱን ሰው ስለሚያገኝበት ነው። በሥዕል ላይ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈበት ሚም ለዘመዶቼ ስልክ የዚህን ያህል ሲሻገር አላየሁም።

የዚህ ቀልድ ትልቁ አደጋ ጉዳት የሌለው የመሰለን ነገር ጉዳት ሲኖረው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ብዙ ሰው የተቀባበለው ስሎው ሎሪስ የምትባል፣ በእስያ ደኖች የምትኖር ዓይነ ትልቅ ትንሽ እንስሳ ስትኮረኮር እጆቿን ወደ ላይ የምታነሳበትን ቪዲዮ ነበር። ተመልካቹ «ጨምሩልኝ ትላለች» ብሎ ሳቀ። እንስሳዋን የሚያውቁ ሰዎች ግን ሌላ ነገር አዩ፤ ስሎው ሎሪስ ክንዷ ላይ መርዝ የሚያመነጭ ዕጢ ስላላት ስትፈራ እጇን የምታነሳው ዕጢውን ወደ አፏ አቅርባ ለመከላከል ነው። በሕገወጥ ንግድ የሚሸጡት እንዳይነክሱ ጥርሳቸው ይቆረጣል። የሎሬንዝ ትላልቅ ዓይኖች እዚህ ላይ ተመልካቹን አሳስተውታል፤ መልኳ የሕፃን ስለሆነ ፍርሃቷን ደስታ አድርጎ አነበበው። ከዚያ ወዲህ የእንስሳ ቪዲዮ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የማየው ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ተለጥፈው እንደሆነ፣ ጅራቱ በእግሮቹ መካከል ገብቶ እንደሆነ፣ የዓይኑ ነጭ ወጥቶ እንደሆነ ነው። በሕፃን ቪዲዮ ላይ ደግሞ ካሜራው ከድንጋጤው በፊት ተዘጋጅቶ እንደሆነ አያለሁ። ልጅን አስደንግጦ ማስለቀስና ያንን ማሰራጨት ጥሰቱን በልጁ ላይ የሚፈጽመው ራሱ ቪዲዮውን የሚቀርጸው ሰው ስለሆነ፣ እኔ ከዚህ ቀልድ ጋር አልቆጥረውም። የኬሊ ቤተሰብ እንኳ ቪዲዮው በኢንተርኔት እንዲወጣ ሲጠየቅ ሰው በልጆቻችን ይስቅባቸዋል ብሎ መጀመሪያ አመንትቶ ነበር፤ ማመንታቱ ትክክለኛ ጥያቄ ነበረው ብዬ አምናለሁ።

ሌላው ወሰን ደንቡ ራሱ ሲዳከም የሚመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ብዙ ሰው ከቤቱ መሥራት ሲጀምር በስብሰባ መካከል ልጅ መግባቱ፣ ድመት ቁልፍ ሰሌዳ ላይ መውጣቷ የየዕለት ነገር ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰው ይስቅ ነበር፣ የፕሮፌሰሩም ቪዲዮ እንደገና መዞር ጀመረ። ወራት ሲያልፉ ግን በባልደረቦቼ ስብሰባ ልጅ ሲገባ ሰው ሰላም ብሎት ንግግሩን መቀጠል ጀመረ፤ ቤት በሥራ መካከል መታየት የለበትም የሚለው ደንብ ላልቶ ስለነበር የሚጣስ ነገር አልቀረም። የዚያ ዘመን ብዙዎቹ ተመሳሳይ ቪዲዮዎች ሲረሱ የ2017ቱ ዛሬም የሚላከው፣ በዚያች ቢጫ ሹራብ በለበሰች ልጅ ፊት ደንቡ ገና ሙሉ በሙሉ ቆሞ ስለነበር ነው።