ለሳሎን ገምጋሚዎች ምስጋና ይድረስልኝ

ባለፈው ሰሞን ሰው ቤት ተጠርተን ቁጭ ብለናል፣ ሠራተኛዋ ውሃ ይዛልን መጣች፣ ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ድምፅ አሰምቶ አረፈ፣ በቃ፤ የቤቱ እመቤት ወደኛ ዞር ብለው «እቺ ልጅ መቼም እጇ ከባድ ነው፣ ስንቴ ልንገራት» አሉ። ልጅቷ እዛው ናት፣ ትሪው እጇ ላይ ነው። እኛ እንግዶቹ ድንገት የግድግዳው ቀለም ማረከን። መቼም ታውቁታላችሁ ይሄን ነገር፣ ያልገጠመው ያለ አይመስለኝም፣ ስለዚህ ዛሬ ወቀሳውን ትቼ ላመሰግን ነው።

ምን የማያስመሰግን አለው? ሌላው ዓለም ሰው ለመገምገም በር ይዘጋል፣ ፎርም ያስሞላል፣ ያስፈርማል። የኛዎቹ ግን ክሱንም ምስክሩንም ፍርዱንም በአንድ ትንፋሽ ጨርሰው ወደ ጨዋታቸው ይመለሳሉ። ዳኞቹ ደግሞ እኛ፣ ስለ ጉዳዩ አንዲት ነገር የማናውቅ። እንዲህ ያለ ገለልተኝነት ከየት ይመጣል?

ዝግጅታቸው ደግሞ ይባስ ያስደንቃል። ልጅቷ የገባች ቀን የሚሰጣት የሥራ መመሪያ ሁለት ቃል ነው፣ «ዓይተሽ ሥሪ»። የቱ ክፍል በስንት ቀን እንደሚጸዳ፣ የቱ ልብስ ከየቱ ጋር እንደማይታጠብ፣ የእረፍት ቀኗ መቼ እንደሆነ፣ ሁለት ሰው ሁለት ነገር ሲያዛት የማንን እንደምታስቀድም፣ ይሄ ሁሉ ባጠፋች ቁጥር ቀስ በቀስ ይገለጥላታል። ፈተናው ከታረመ በኋላ ነው ጥያቄው የሚነገራት።

አንድ የማውቀው ቤት ያለ ሹራብ አለ፣ ስለሱ ሳልናገር አላልፍም። ንጹህ ሱፍ ነው። ጋሼ አውጥተው ሰጧትና «በደንብ እጠቢው» አሏት። ልጅቷ ታዛዥ ናት፣ ቀድሞ የነበረችበት ቤት «በደንብ» ማለት የፈላ ውሃ፣ ብዙ ሳሙና፣ ክንድ እስኪዝል ማሸት ነው፣ እሷም በደንብ አጠበችው። እንግዲህ የሱፍ ክር በዓይን የማይታይ ቅርፊት አለው፣ ሙቅ ውሃና ማሸት ሲገናኙበት ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይቆላለፋሉ፣ ከተቆላለፉ ደግሞ ብትጎትተው ብትለምነው አይፈታም። ሹራቡ ሲደርቅ ለጋሼ ሳይሆን ለትንሹ ልጅ ልክ ሆነ። ከዛ በኋላ የሆነው ነው እንግዲህ ግምገማ ማለት! መጀመሪያ ለእህታቸው ተደወለ፣ ቀጥሎ ፎቶው የቤተሰብ ግሩፕ ላይ ተለቀቀ፣ ከዛ ሳሎን መጥቶ ለእንግዳ ሁሉ እየተዘረጋ «እዩልኝ» ተባለ፣ ጎረቤት ለሌላ ጉዳይ ብቅ ሲል ሹራቡ ይወጣል፣ የቧንቧ ጠጋኝ እንኳን ሳይቀር አይቶታል፣ እሱማ በእጁ ለክቶ አዝኗል። አሁን ሹራቡ መለኪያ ሆኗል፣ ልጅቷ ሳህን ስትሰብር «ያው ሹራቡ ነው» ይባላል፣ ትንሽ ስትዘገይ «ከሹራቡ ቀን ጀምሮ» ይባላል፣ የዘመን አቆጣጠር ሊወጣለት ምንም አልቀረውም። የሚገርመው አንገቱ ውስጥ የተሰፋችው ጨርቅ ላይ ገንዳ ውስጥ የገባ እጅ ተስሏል፣ በእጅ ብቻ፣ በቀስታ እጠቡኝ ማለት ነው። ጋሼ ራሳቸው አይተዋት አያውቁም። «ይሄ ሱፍ ነው፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳታሺው፣ በፎጣ ጠቅልለሽ ጫን ጫን አርጊውና ሳትሰቅይው ዘርግተሽ አድርቂው» ለማለት ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ግን እንዲህ ቢሉ ሹራቡ ይተርፋል፣ ሹራቡ ከተረፈ ደግሞ ለእንግዳ ምን ይወራል?

ሹፌር የቀጠሩትንም አልረሳሁም። አርፍደው ይወጡና ከኋላ ወንበር «ቶሎ በል እንጂ» ይላሉ፣ ቶሎ ሲል «ልትገለን ነው?» ይላሉ፣ ያውም መኪናው መስመር እየቀየረ ባለበት ሰዓት። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ተይዞ መኪናው እስኪቆም የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ እንደሚሆን ሹፌሩ በእግሩ ያውቀዋል፣ የዘገዩት እሳቸው፣ የሚገመገመው ግን የሱ እግር። መኪናውን አስቁሞ፣ ሞተር አስጠፍቶ፣ «ባረፍድም አትሩጥ፣ ማርፈዱ የኔ ጣጣ ነው» ማለት ለካ ይቻላል።

ደሞ አሉ ዝምተኞቹ። «ምንም አይደል፣ ምንም አይደል» እያሉ ጥፋቱን ሁሉ ሆዳቸው ውስጥ ያጠራቅሙና ደሞዝ ቀን ከነቀኑ ዘርዝረው የሚያሰናብቱ። ደግነታቸው ነው አሉ።

እዚህ ጋ ግን ቀልዱ ያልቅብኛል። «ሽታው እስኪጠፋ እጠቢው» ተብላ መታጠቢያ ቤት ገብታ በረኪናውን ከአሲድ ማጽጃው ጋር ደባልቃ የምታፈስ ልጅ አለች። የሁለቱ ድብልቅ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል፣ ሳንባ ያቃጥላል፣ በጠባብ ክፍል ሰው ሊገድል ይችላል። እያሳለች ስትወጣ «ቤቱን ምን አደረግሽው?» ተብላ ትወቀሳለች። ማን ነገራት? ማንም! አንድ ቀን ሁለቱን ጠርሙስ አሳይቶ «እነዚህ አይገናኙም» ያለ የለም። ሰው ፊት ለማዋረድ አፍ ያለው ሰው ይሄን ለማለት አፍ አጣ! የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው 189ኛው ስምምነት የቤት ሠራተኛ የሥራዋ ሁኔታ በሚገባት መንገድ፣ ቢቻል በጽሑፍ ይነገራት ይላል። ወረቀት ባይኖር አፍ የለም እንዴ?

እሺ፣ ተረጋጋሁ።

አንዲት ጓደኛዬ አለች፣ የገምጋሚዎችን ስም የምታሰድብ። ሠራተኛዋ ልጁን ከትምህርት ቤት ለመውሰድ ዘገየች፣ ልጁ በር ላይ እያለቀሰ ጠበቀ። ይሄ'ኮ ለሳሎን የተሰጠ ነው! እሷ ግን እንግዳ እስኪሄድ ጠበቀች፣ ልጁ እስኪተኛ ጠበቀች፣ ወጥ ቤት በሩን ዘጋ አርጋ ቁጭ በይ አለቻት፣ ራሷም ተቀመጠች። «የሸሚዞቹን አንገት የተኮስሽበት አሪፍ ነው፣ እንደሱ ቀጥዪ» አለቻትና ቀጥላ «ዛሬ ልጁን ስትወስጂ ዘግይተሻል፣ አልቅሷል። ምን ገጥሞሽ ነው?» ጠየቀቻት፣ ከዛ ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ መልሱን አዳመጠች። ልጅቷም «እትዬ፣ ልብሱን ሳትጨርሺ እንዳትወጪ ብለውኝ ነበር'ኮ» አለቻት። ማን ነበር ያላት? ራሷ ጓደኛዬ፣ ጠዋት በስልክ እያወራች። በዛው ተስማሙ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ልብሱ ውሃ ውስጥም ቢሆን ይቀመጣል፣ ልጁ ይቀድማል። ይቺን አንዷን መስመር ወረቀት ላይ ጽፋ ሰዓቱ ስር ለጠፈችው። በሳምንቱ «እንዴት ሆነ?» ብላ ጠየቀቻት፣ በሰዓቱ እየወጣች ነው። ጓደኛዬ ሁለተኛ ጥፋት አልጨመረችባትም፣ ያለፈ ወር አላነሳችም፣ ከደሞዝ አልቆረጠችም። ድጋሚ ብትዘገይስ ስላት «በግልጽ ተነጋግረናላ፣ ያኔ ጠንከር ብዬ እነግራታለሁ» አለች። ድራማ የለ፣ ታዳሚ የለ፣ ፎቶ የለ። ምን ዓይነት ቤት ነው ይሄ?

የሹራቡ ጋሼ ደግሞ በቀደም በጣም ተናደው አገኘኋቸው። አለቃቸው ስብሰባ ላይ ሰው ፊት ገመገማቸው አሉ፣ መስፈርቱን እንኳን ቀድሞ ሳያሳያቸው! እንቅልፍ አልወሰዳቸውም፣ ሦስት ገጽ ቅሬታ ጽፈዋል፣ «ሰው እንዴት እንዲህ ይደረጋል?» የሚል ዓረፍተ ነገር ከስሩ አስምረውበታል። መብትዎ ነው ጋሼ፣ በርቱ አልኳቸው።