የልጅ ጆሮ ሲያም ሁለት ቀን መጠበቅ

«ማታ ጆሮዬን፣ ጆሮዬን ስትል ነበር። አሞክሲሲሊን ይጻፉልኝ።»

እናትየው ይህን ያለችኝ ደሴ ላይ ብርዱ በጠናበት ሰሞን ነው። ልጅቷ 2 ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል፤ 12 ኪሎ ትመዝናለች። ጉንፋን ከያዛት አራት ቀኗ ነበር። ትኩሳቷ 38.2 ነው። የቀኝ ጆሮዋ ታምቡር ቀልቶ በመጠኑ አብጧል፤ መግል ግን የለውም። ፓራሲታሞል ከተሰጣት በኋላ ተኝታለች። አንቲባዮቲኩን አልጻፍኩላትም።

አያትየው «ብርድ መቷት ነው» ብለው ጥጥ ወትፈውላታል። ብርድ ግን ታምቡሩን አልፎ አይገባም። የመሃል ጆሮን ከጉሮሮ ጀርባ የሚያገናኝ ቀጭን ቱቦ አለ። በሕፃናት ላይ ይህ ቱቦ አጭር፣ ለስላሳና አግድም የተጋደመ ነው። ጉንፋን ሲያሳብጠው ይዘጋል፤ ፈሳሹ መውጫ ያጣል፤ ከጉሮሮ የሚወጣው ጀርም እዚያ ይራባል። ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ያሉት በብዛት የሚታመሙት ለዚህ ነው። የብርዱ ጥፋት ሁላችንንም በሩ በተዘጋ ቤት፣ ከሰል ዙሪያ መሰብሰቡ ነው፤ ጉንፋኑም ጭሱም እዚያው ነው።

ያለ አንቲባዮቲክም ከ100 ልጆች 60 ያህሉ በ24 ሰዓት ውስጥ ሕመሙ ይለቃቸዋል። አንቲባዮቲክ የመጀመሪያውን ሌሊት ሕመም አያስታግስም፤ ተቅማጥና ሽፍታ ግን ሊያመጣ ይችላል። መጠበቅ ማለት ሕመሙን መተው አይደለም። በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊግራም ካለው የፓራሲታሞል ሽሮፕ 7.5 ሚሊ ሊትር በየ6 ሰዓቱ እንድትሰጣት፣ ጆሮዋ ውስጥ ግን ጤና አዳምም ሆነ ዘይት እንዳትጨምር ነገርኳት። ታምቡሩ ተበስቶ ከሆነ የተጨመረው ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። በ48 ሰዓት ካልተሻላት ወይም ከባሰባት ትመለስ አልኳት። በሁለተኛው ቀን ደውላ «በልታ ተጫውታለች» አለችኝ።

ልጅቷ 5 ወር ቢሆናት ኖሮ አልጠብቅም ነበር። ትኩሳቷ 39 ቢደርስ፣ ሕመሙ ቢጠናባት፣ መግል ቢወጣ፣ ወይም ሁለት ዓመት ሳይሞላት ሁለቱም ጆሮዋ ቢያብጥ መድኃኒቱን በዚያው ቀን እጀምርላታለሁ። ከጆሮ ጀርባ ያለው አጥንት አብጦ ጆሮው ወደ ፊት ከተገፋ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ነው።

ጤና ጣቢያዎቻችን ጆሮውን ላመመው ሁሉ የ5 ቀን አንቲባዮቲክ መስጠታቸውን አልቃወምም። የጆሮ መመልከቻ በሌለበት ማን ሊጠብቅ እንደሚችል መለየት ያስቸግራል። የሚያናድደኝ ሌላ ነው፦ ከታላቅ ወንድም የተረፈ ግማሽ ጠርሙስ ሽሮፕ፣ ያለ ምርመራ ለሁለት ቀን ተሰጥቶ ልጁ ሲሻለው የሚቆም።

በዚያው ቀን ከኩታበር በእግር የመጣች ሌላ እናት ነበረች። የልጇ ጆሮ ያን ያህል የከፋ አልነበረም። ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሳ መምጣት እንደማትችል ስትነግረኝ ግን አሞክሲሲሊኑን ጻፍኩላት።