ሰርጉ ቀረ ወይስ ተላለፈ?

ፈተና ላይ ሰውን የሚጥለው ያልታወቀ ቃል ነው ይባላል። ውሸት ነው። የማያውቁትን ቃል ተማሪዎች ዘለው ያልፉታል፣ ወይ ደግሞ «ሲ»ን አጥቁረው የቀረውን ለፈጣሪ ይተዋሉ። ሰው የሚወድቀው በሚያውቀው ነው። በተለይ ፍሬዛል ቨርብ በሚባለው ጉድ። ግሱ አጭር፣ ጅራቱ አጭር፣ ሁለቱም ገና በታችኛው ክፍል የተማርናቸው ቃላት ናቸው፤ ሲጋጠሙ ግን አናውቃችሁም ይሉናል። «ፑት» ማስቀመጥ ነው፣ «ኦፍ» መብራት የሚጠፋበት ነው ብሎ በሰላም የሚኖር ልጅ፣ «ፑት ኦፍ» ማለት ቀጠሮ ማስተላለፍ ነው ሲባል የተካደ ይመስለዋል። አልፈርድበትም።

ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ በተከራያት ክፍል ቅዳሜ ቅዳሜ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆችን እንግሊዝኛ የሚያስጠና ጓደኛ አለኝ። እኔ የምሄደው ለእንግሊዝኛው አይደለም። ሲጨርስ አሞራ ገደል ወርደን ዓሣ እንበላለን። ግን ሰውየው በጊዜ ጨርሶ አያውቅም፤ ስለዚህ ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ሳልወድ እማራለሁ። የዛን ቀን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ይቺ ነበረች፦

«ዘ ዌዲንግ ዎዝ … አንቲል አፍተር ኢስተር ቢኮዝ ዘ ብራይድስ ፋዘር ዎዝ ኢል።»

ምርጫዎቹ፦ ኤ «ኮልድ ኦፍ»፣ ቢ «ፑት ኦፍ»፣ ሲ «ቴክን ኦፍ»፣ ዲ «ብሮክን ኦፍ»።

«ቴክን ኦፍ» ለወለቀ ልብስ ነው፤ ሰርግ ላይ ከሙሽራው ኮት በቀር የሚመለከተው ነገር የለም። «ብሮክን ኦፍ» ትንሽ ቀረብ ይላል፣ እጮኝነት ሲፈርስ ወይም ድርድር ሲቋረጥ ይባላል፤ ግን እሱም ሰርጉ ደጃፍ ላይ ቀርቷል። ነገሩ ያለው ኤ እና ቢ ላይ ነው። «ኮልድ ኦፍ» ቀረ፣ ተሰረዘ። «ፑት ኦፍ» ለሌላ ቀን ተላለፈ።

አሁን ችግሩን እዩት። «ዘ ዌዲንግ ዎዝ ኮልድ ኦፍ» ብላችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ያምራል! አፍ ላይ ይገባል። እንግሊዝኛ ፊልም የሚያይ ልጅ ሁሉ ሰምቶታል፤ «ዌዲንግ» ሲባል ጆሮው «ኮልድ ኦፍ»ን ራሱ ይጨምርበታል። ሰዋስዉም ምንም አይወጣለትም። ጥያቄ አውጪው ይህን ያውቃል። ጎበዝ ጥያቄ አውጪ የተሳሳተውን ምርጫ ከቆሻሻ መጣያ አያመጣውም፤ እውነተኛ፣ ንጹሕ፣ ሁሉም የሚለውን አባባል ነው የሚያቀርበው፣ ለሌላ ዓረፍተ ነገር የሚሆን።

መልሱ ያለው ከባዶ ቦታው ወዲያ ነው። «አንቲል አፍተር ኢስተር»፣ እስከ ፋሲካ ማግስት። የቀረ ነገር ቀን አይቆረጥለትም። ቀን ከተቆረጠለት ሰርጉ አለ ማለት ነው፣ አለ ከተባለ ደግሞ «ኮልድ ኦፍ» ወደቀ። ተንኮሉ የአባትየው ሕመም መጨረሻ ላይ መምጣቱ ነው። ሕመም ሰርግ ያስቀራልም፣ ያስተላልፋልም፤ ስለዚህ ለመልሱ ምንም አይረዳም፣ ግን መጨረሻ የተነበበው እሱ ስለሆነ ልጁ ጭንቅላት ውስጥ የሚቀረው የሰውየው መታመም ነው። «አባቷ ታሞ ማን ይጨፍራል?» ብሎ ያዝንና ኤን ያጠቁራል። ርኅራኄ ነጥብ አያሰጥም።

ጓደኛዬ መድኃኒት የሚለው አለው። ምርጫዎቹን በእጅ ሸፍን፣ ዓረፍተ ነገሩን እስከ ነጥቡ አንብብ፣ ከዛ በአማርኛ ራስህን ጠይቅ፦ መጨረሻ ላይ ይሄ ሰርግ አለ ወይስ የለም? መልሱን ከያዝክ በኋላ ብቻ እጅህን አንሳ። ምርጫውን አስቀድሞ ያነበበ ልጅ የሚያስበው የትኛው ያምራል ብሎ ነው፣ አለቀለት።

ጥያቄዋን ለሁሉም ቡድኖቹ ሰጥቷት ነበር፣ ስልሳ ልጅ። ወረቀቱን ካረመ በኋላ በጠቅላላ ውጤት ከላይ ወደ ታች ደረደረው፤ ከዛ ከላይ አሥራ ስድስት፣ ከታች አሥራ ስድስት ወሰደ። ይሄ የእሱ ፈጠራ አይደለም፣ ፈተና የሚያጠኑ ሰዎች ከላይና ከታች 27 በመቶውን ወስደው የማወዳደር የቆየ ልማድ አላቸው። ጤነኛ ጥያቄ ላይኞቹ በብዛት ይመልሱታል፣ ታችኞቹ በብዛት ይስቱታል። ይቺ ግን ገለበጠችው። ከላይኞቹ ሰባቱ አገኙ፣ ዘጠኙ ኤ ላይ ተሰለፉ። ከታችኞቹ ስምንት አገኙ! በአንድ ልጅ ልዩነት ቀልድ ነው ልትሉ ትችላላችሁ፣ እውነት ነው፣ ከአሥራ ስድስት ሰው አንድ ሰው ምንም አያስመሰክርም። ግን ቢያንስ እኩል መሆናቸው ራሱ ያስጠይቃል።

ጠየቀ። ከታችኞቹ አንዷን «ቢን እንዴት አገኘሽው?» አላት።

«ቲቸር፣ ጾም ገብቶ ነዋ» አለች።

ክፍሉ ሳቀ። ልጅቷ ግን አልተሳሳተችም። አክስቷ ጥር ላይ ልታገባ ነበር፣ ሳይሆን ቀረ፣ ዓቢይ ጾም ገባ፤ በጾም ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሰርግ የለም። ስለዚህ እሷ «ኢስተር»ን ስታይ የታያት ሰርግ የሚዞርበት ቀን ነው። ፍሬዛል ቨርቡን አታውቀውም። ሰርጉን ታውቀዋለች። ጎበዞቹ እንግሊዝኛውን አውቀው ሰርጉን ረሱት።

ከዘጠኙ አንዱ፣ መነጽር ያደረገና ሲከራከር የሚቆም ልጅ፣ ተነሳ።

«ቲቸር፣ እኔ አልተሳሳትኩም። እዚህ አገር ተላለፈ ማለት ቀረ ማለት ነው።»

ጓደኛዬ ዝም አለ። እኔ ከኋላ ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝ።

እስቲ ማን ነው እዚህ አገር «ቀርቷል» ሲል የሰማችሁት? የእድር ስብሰባ አይቀርም፣ ይተላለፋል። የመንደሩ ኮብልስቶን አልቀረም፣ ለቀጣዩ በጀት ዓመት ተሸጋግሯል። ሥራ ያመለከተ ሰው «አትፈለግም» አይባልም፣ «እንደውላለን» ይባላል፤ ስልኩ እስካሁን ቻርጅ ላይ ነው። ብር ያበደራችሁት ወዳጃችሁ «አልከፍልም» አይላችሁም፣ እንደዛ ያለ ብልግና ከእሱ አይጠበቅም፣ «ትንሽ ታገሰኝ» ነው የሚለው፣ ልጆቻችሁም ልጆቹን እየታገሱ ያድጋሉ። ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ይሉኝታ ነው። «ቀረ» ያለ ሰው ክፉ ይባላል። «ይቆየን» ያለ ሰው ጨዋ ነው፣ ምንም ባያደርግም። እና ይሄን ጨዋነት ከጡት ጋር የጠባ ልጅ ፈተና ላይ ደርሶ በኤ እና በቢ መካከል ግድግዳ አለ ቢባል እንዴት ይመነው?

እኔ ሐዋሳ ውስጥ ልዩነቱን አንጀቱ ድረስ የሚያውቅ አንድ ሰው አውቃለሁ። ድንኳን አከራይ ነው። እንግሊዝኛው «ሄሎ» ላይ ያቆማል። የልጅቷ አክስት ሰርግ የተያዘው እሱ ጋ ነበር፤ ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ሁሉም ቀብድ ተከፍሎበት። የአክስቲቱ እናት ስልክ ደወሉ፦

«ልጄ፣ እንግዲህ ሰርጉ… አባቷም ትንሽ አመም አድርጓቸው… ለጊዜው…»

«እማማ፣ እግዜር ይማራቸው። ቀርቷል ነው ተላልፏል?»

«ያው… ለጊዜው…»

«እማማዬ፣ ቀርቷል ካሉኝ ቀብዱም ቀርቷል። ተላልፏል ካሉኝ ቀኑን ይንገሩኝና እጽፋለሁ። ለጊዜው የሚባል ዓምድ ደብተሬ ላይ የለም።»

እማማ ትንሽ ተንፈራገጡ፣ አንድ ሁለቴ እግዚአብሔርን ጠሩ፣ መጨረሻ ላይ «የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት» አሉ። ጻፈ። ይሄ ሰውዬ የጠየቀው ያንኑ «አንቲል» ነው። ጥያቄ አውጪው ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የሸጎጣትን ፍንጭ እሱ በስልክ አስወጣት። ቀን አለው? ፑት ኦፍ። ቀን የለውም? ቀብድ የለም።

መነጽራሙ ልጅ ግን በአንድ ነገር ልክ ነበር፣ ጓደኛዬም አመነለት። ጥያቄው «አንቲል አፍተር ኢስተር» የሚለው ቢወጣለት ኖሮ፣ «ሰርጉ … አባቷ ስለታመመ» ብቻ ቢሆን፣ ኤም ቢም ልክ ናቸው። እንደዚህ ያለ ጥያቄ አሳሳች ሳይሆን የተበላሸ ነው፤ ነገር ግን በየማጠናከሪያ ወረቀቱ ሞልቷል፣ አንዱ ከሌላው ሲገለብጥ የ«አንቲል»ዋ ሐረግ መንገድ ላይ ትወድቃለች፣ መልሱ ግን ቢ እንደሆነ ይቀጥላል። ልጁ እንግዲህ ኤን መርጦ ኤክስ ሲደረግበት ራሱን ይወቅሳል። ፍንጩን ፈልጎ ያጣ ልጅ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ወረቀቱን ነው።

ሌላም አለ። ጓደኛዬ «አንቲል ካለ ሁሌ ፑት ኦፍ ነው» ብሎ ሕግ ሊያስጽፍ ነበር፣ ቾኩን አንስቶ ተወው። ምክንያቱም ባለቤቶቹ ራሳቸው አንዳንዴ «ኮልድ ኦፍ አንቲል ፈርዘር ኖቲስ» ይላሉ፣ ሌላ ማስታወቂያ እስኪወጣ ማለት ነው። ማስታወቂያው መቼ ይወጣል? አይታወቅም። እንግሊዞችም እዚህ ላይ እንደኛው «ለጊዜው» ብለዋል። እዚያች ሐረግ ላይ ሁለቱ ግሶች ይገናኛሉ፣ ጥሩ ጥያቄ አውጪም ስለዚህ አይነካትም፤ ቁርጥ ያለ ቀን ነው የሚያስገባው፣ ፋሲካ፣ ሰኞ፣ ሚያዝያ።

ከመለያየታቸው በፊት አንድ ነገር ጨመረላቸው። የሚተላለፈው ነገር በተውላጠ ስም ከመጣ መሀል ላይ ይገባል፣ «ፑት ኢት ኦፍ» እንጂ «ፑት ኦፍ ኢት» አይባልም። ስሙ ሙሉውን ከመጣ ግን መሀልም ኋላም ይቀመጣል። ሦስት ጊዜ አስባላቸው። ሰዓቱ አልፎ የእኔ ዓሣ ለሌላ ሰው ሲጠበስ እየታየኝ ነበር።

ልጆቹ ወጡ። መነጽራሙ ቦርሳውን አንግቶ በሩ ላይ ቆመ፣ ዞረ።

«ቲቸር፣ የዚህ ወር ክፍያ… ካን ዊ ፑት ኢት ኦፍ?»

«ኢቷ» መሀል ላይ ናት። ቦታዋን አልሳተችም። ጓደኛዬ ደስ ብሎት ፈገግ አለ፣ ከዛ ግን ነቃ።

«አንቲል ዌን?»

«አንቲል ፈርዘር ኖቲስ» አለና ወደ ባጃጁ ሮጠ።