ቱሉ ዲምቱ ላይ ተወዳዳሪያችን ማን ነው?

ጠያቂ፦ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ላይ በሦስት ሞተር ዕቃ የማድረስ ሥራ ልንጀምር ነው። መርካቶ ያሉ የልብስና የጫማ ነጋዴዎች በቴሌግራም የሸጡትን ለገዢው እናደርሳለን። የተወዳዳሪዎች ማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ ሥሩ ተባልን። ማንን እናስገባ? በምንስ እናወዳድር?

የስምሪት ኃላፊው፦ አፕ ያላቸውን አምስት ስድስት ድርጅቶች ጻፉ። እያንዳንዱ ከመርካቶ ቱሉ ዲምቱ የሚጠይቀውን ዋጋ አውጡና ለኪሎ ሜትር አካፍሉት። ነጋዴ ስልክ አንሥቶ መጀመሪያ የሚለው «ስንት ነው?» ነው። ሠላሳ ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ከተሠራ በኋላ ማንም ተመልሶ አያየውም። በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ወር አትፍጁበት።

የገበያ ጥናት ባለሙያዋ፦ ዓምድ ማብዛቱን እኔም አልደግፍም፤ የምንለያየው ረድፉ ላይ ነው ጋሼ። ነጋዴው ዛሬ ዕቃውን በምን ነው የሚልከው? አንዱ ፌስታሉን አስሮ፣ ስልክ ቁጥር ጽፎበት ለሚኒባስ ረዳት ይሰጣል፤ ገዢው መጨረሻ ፌርማታ ላይ ወጥቶ ይቀበላል። ሌላው የሚያውቀው ሞተረኛ ጋ ይደውላል። ሦስተኛው የሱቁን ልጅ ይልካል። አፕ ያላቸውን ብቻ ከጻፋችሁ እናንተ ሠንጠረዡ ላይ ርካሽ ትሆናላችሁ፣ ገበያው ላይ ግን ረዳቱን አትችሉትም። ስለዚህ ረድፉ የድርጅት ስም ሳይሆን ነጋዴው ለአንድ ጉዞ ያለው አማራጭ ይሁን። ጉዞውም ይወሰን፦ ሁለት ኪሎ የማይሞላ ፌስታል፣ ከመርካቶ ሱቅ እስከ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ገንዘቡ ሲደርስ የሚከፈል። ለሁሉም ያው ጉዞ ካልሆነ ዋጋቸው አይወዳደርም።

የስምሪት ኃላፊው፦ ረዳቱን እቀበላለሁ። ሞተረኛው ግን ርካሽ የሆነው ለምን እንደሆነ አጠገቡ ይጻፍ። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ወዲህ ሞተር ያለ ፈቃድ አይንቀሳቀስም። ፈቃድ የሌለው ከተያዘ ዕቃውም ከሞተሩ ጋር ይቆማል፤ ነጋዴው ያንን ዋጋ ውስጥ አላሰበውም።

የገበያ ጥናት ባለሙያዋ፦ ልክ ነው፣ ይግባ። በርቀት ስለማካፈሉ ግን ልመለስ። ለዳር ሰፈር የሚያስፈልገው አንድ ዕቃ እጅ እስኪገባ የወጣው ጠቅላላ ወጪ ነው። ቱሉ ዲምቱ አድራሻ ማለት የብሎክ ቁጥርና ስልክ ነው። ተቀባዩ ሥራው መሀል ከተማ ስለሆነ ቀን ቤቱ የለም። ሞተረኛው ብሎክ ሥር ቆሞ ይደውላል፣ ስልኩ አይነሣም፣ ዕቃው ይመለሳል። ለስሌት ያህል ብቻ፦ አንደኛው ድርጅት 250 ብር ያስከፍላል፣ ለተመለሰ ዕቃ ደግሞ 125 ይጨምራል። ሁለተኛው 300 ብር ያስከፍላል፣ ለመልስ አይጠይቅም። በየአንዳንዳቸው 20 ዕቃ ብትልኩና አንደኛው 4፣ ሁለተኛው 1 ቢመልስ፦

```
አንደኛው: (20 × 250 + 4 × 125) ÷ 16 = 343.75
ሁለተኛው: (20 × 300) ÷ 19 ≈ 315.79
```

በታሪፍ 50 ብር ርካሽ የነበረው በደረሰ ዕቃ ሲታይ 28 ብር ተወደደ።

የስምሪት ኃላፊው፦ እህቴ፣ በ20 ዕቃ ይህን መደምደም አይቻልም። አንዱ ሳምንት ዝናብ ቢሆን፣ ሦስት ተቀባዮች ስልክ ቢያጠፉ ቁጥሩ ይገለበጣል። ጥፋቱ የድርጅቱ ይሁን የተቀባዩ በምን ታውቂያለሽ?

የገበያ ጥናት ባለሙያዋ፦ እውነት ነው፣ 20 ትንሽ ነው። ለዚህ ነው የመልሱን መቶኛ ሠንጠረዡ ውስጥ የማላስገባው፤ ምክንያቱን ነው የማስገባው። «ስልክ አልተነሣም»፣ «ሞተረኛው ፎቅ አልወጣም አለ»፣ «አምሽቶ ነው የመጣው» እያሉ እያንዳንዱን መመዝገብ ነው። ሁለቱን ድርጅቶች በአንድ ቀን፣ ወደ ተቀራራቢ ብሎኮች እያፈራረቁ ቢልኩ የዝናቡና የሰዓቱ ልዩነት ይቀንሳል። ከአራቱ ሦስቱ ተቀባዩ ቀን ባለመኖሩ ከተመለሱ ጥያቄው ማን ነው ርካሽ የሚለው ይቀርና ማን ከ12 ሰዓት በኋላ ያደርሳል የሚለው ይሆናል። በዋጋ ብቻ ቢለካ ይህ ክፍተት አይታይም።

ጠያቂ፦ ምግብ ማድረስም አስበናል። ያንንም እዚሁ እናድርገው?

የገበያ ጥናት ባለሙያዋ፦ አይሆንም። ምግብ የሚለካው በደቂቃ ነው፣ ነጋዴውም ሌላ፣ ተወዳዳሪውም ሌላ። ለብቻው ሠንጠረዥ ይሠራ፤ ሦስት ሞተር ለሁለቱም አይበቃም ብዬም እሰጋለሁ።

አንድ ዓምድ ላይ ግን ተው ብባል እንኳ አልተውም፦ ሲደርስ የተቀበሉት ገንዘብ ለነጋዴው ስንት ቀን ቆይቶ ይገባል? በቀን አሥር ዕቃ በ1,200 ብር የሚሸጥ ነጋዴ የቀን ሽያጩ 12,000 ብር ነው። በማግሥቱ በቴሌብር ወይም በባንክ ከገባለት፣ አድራሹ እጅ ያለው የአንድ ቀን ብር ነው። በሳምንት አንዴ ከሆነ ግን ስድስት የሥራ ቀን ተጠራቅሞ 72,000 ብር ይደርሳል። ለአዲስ ልብስ መግዣ የሚሆነው ገንዘብ እዚያ ተቀምጧል። ነጋዴው በየዕቃው 30 ብር ጨምሮ ቶሎ የሚከፍለውን ሊመርጥ ይችላል፤ ይህን ከድረ ገጽ አታገኙትም፣ ነጋዴውን ጠይቁት።

የስምሪት ኃላፊው፦ ነጋዴ ሲጠየቅ ግን ያጋንናል። «በሰዓቱ ይከፍሉኛል» የሚለው የሚሠራበትን ድርጅት ላለማስቀየም ሊሆን ይችላል።

የገበያ ጥናት ባለሙያዋ፦ ለዚያ ነው የሠንጠረዡ እያንዳንዱ ክፍል መረጃው ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ምልክት የሚያስፈልገው። «ተ» ከሰው የሰማነው፣ «አ» ተጽፎ ያየነው፣ «ሞ» ራሳችን ሞክረን ያረጋገጥነው። አንድ ክፍል እንዲህ ይሁን፦ «300 ብር፣ ሞ፣ ጥቅምት 4 ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ብሎክ ሥር ብቻ»። ከሁለት ወር በኋላ የነዳጅ ዋጋ ሲቀየር መጀመሪያ የሚመረመረው የትኛው እንደሆነ ቀኑ ይነግራችኋል። ምልክት የሌለው ሠንጠረዥ ላይ ወሬና ፍተሻ እኩል ስለሚታዩ ሰው የሚመቸውን መርጦ ያምናል።

የስምሪት ኃላፊው፦ ይህን እኔም እወስዳለሁ። አንድ ነገር ግን ጎድሏል። ሞተሩ መርካቶ ጭኖ ቱሉ ዲምቱ ሲደርስ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዷል፣ ብዙ ጊዜም ባዶውን ነው የሚመለሰው። አንድ ፌስታል ይዞ የሄደ ሞተር የደርሶ መልስ ነዳጁን በዚያ ፌስታል ላይ ይጭናል፤ ስምንት ከያዘ ለስምንት ይካፈላል። የተወዳዳሪው ዋጋ አጠገብ የራሳችሁ ወጪ በአንድ፣ በአራትና በስምንት ዕቃ ካልተጻፈ፣ ገበያው ጥሩ መስሏችሁ በኪሳራ ትገባላችሁ።

የገበያ ጥናት ባለሙያዋ፦ ስሌቱ ትክክል ነው፤ ለእኔ ግን የሌላ ገጽ ሥራ ነው። የራስን ወጪ እዚያው ካደረግነው ዓይናችን ነጋዴውን ትቶ ወደ ራሳችን ይዞራል፤ ከዚያ ሁሉም መስመር ላይ «እኛ የተሻልን ነን» የሚል ምልክት መደርደር ይመጣል።

የስምሪት ኃላፊው፦ ሌላ ገጽ ላይ ያለውን ወጪ ዋጋ ሲቆርጥ ማንም አይገልጠውም። እኔ እዚያው ነው የማስቀምጠው።

የገበያ ጥናት ባለሙያዋ፦ እንግዲያው ከታች በአንድ መስመር፣ ሦስት ቁጥር ብቻ ይሁን። ከዚያ በላይ ግን አልስማማም።