ቅንፍ ያነሳ እጅ ይባረክ

ባለፈው ሳምንት ስልጠና ላይ ነበርኩ። ለመለማመጃ የተሰጠን እኤአ የ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ነው። 16,650 ቤቶች የተጠየቁበት፣ ሪፖርቱ ትራስ የሚያህል። ሥራው ግን ቀላል ነበር፦ ሦስት ዋና ዋና ግኝት መርጣችሁ በ10 ደቂቃ አቅርቡ።

የእኛ ቡድን አቅራቢ 41 ስላይድ ይዞ ወጣ። ታውቁታላችሁ፣ በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም።

የመጀመሪያውን ግኝት ድምፁን ጠርጎ አበሰረን። “ከተጠያቂዎቹ 55 በመቶ ሴቶች ናቸው!” ሴት 15,683፣ ወንድ 12,688። እንዴት ያለ ዓይን ነው! ሌላው ሰው የሕፃናት ሞት፣ መቀንጨር ምናምን እያለ ገጽ ሲያገላብጥ፣ እሱ ተጠያቂዎቹን ቆጠረ። ክብ ግራፍ ሠራለት፤ ሮዝና ሰማያዊ፣ የሚሽከረከር። እስኪሽከረከር ጠበቅን። ሲቆም ደግሞ ሮዙ ቁራሽ ከክቡ ወጣ ብሎ ተመለሰ። አንዱ ተሳታፊ እጁን አውጥቶ “ካለፈው ጋር ሲነጻጸርስ?” አለ። ሌላው ማስታወሻ ያዘ። የምክረ ሐሳብ ስላይድም አልቀረችም፤ “የወንዶች ተሳትፎ ሊጠናከር ይገባል” ትላለች። አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤአለሁ፣ አልዋሽም።

ይህ ቁጥር ስለ አገሪቱ ምንም አይናገርም። ለመጠይቁ ብቁ ከነበሩት ሴቶች 95 በመቶው፣ ከወንዶቹ ደግሞ 86 በመቶው ተገኝተው መለሱ። መጀመሪያውኑ ብቁ የነበሩት ወንዶች በቁጥር ያንሳሉ። አለቀ። ጠያቂዎቹ በር ሲያንኳኩ ማን ቤት እንደተገኘ ነው የሚነግረን። ግን ምን ችግር አለው፣ ማንንም አያስቀይምም።

ሁለተኛው ግኝት አማካይ ነበር። “በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች 26 በመቶ ደርሰዋል።” አማካይ የተባረከ ነገር ነው። ሁሉንም በአንድ ጋቢ ጠቅልሎ ያስተኛል። ጋቢውን ገለጥ ብታደርጉት ግን አዲስ አበባ 97 በመቶ ነው፤ አፋር 15። ከአጠገቤ የተቀመጠችው አዋላጅ የመጣችው ከአፋር ነው።

ሦስተኛው እጅግ ውብ ነበር። ከሠንጠረዥ ጥግ ተለቅሞ የመጣ፣ ሌላ ማንም ያላየው ቁጥር። ሪፖርቱ ውስጥ በቅንፍ ነው ያለው። በእነዚህ ሪፖርቶች ቅንፍ ማለት ከ25 እስከ 49 ሰው ብቻ ላይ የቆመ ስለሆነ ተጠንቀቁ ማለት ነው። ከ25 ካነሰ ደግሞ ቁጥሩ ጭራሽ አይጻፍም፣ ኮከብ ይደረግበታል። የኛ ሰው ቅንፉን አነሳው። ለምን ብለው፣ “ስላይዱን ያበላሻል” አለኝ። እጅህ ይባረክ! በ30 ሰው አገር ተመራ።

እዚህ ላይ ግን ቀልዱን ላቁም፤ ያናድዳል። አንዲት እናት ስለ ወለደችው ልጅ፣ ስለ ሞተባትም ጭምር፣ ለማታውቀው ሰው ቁጭ ብላ መልሳለች። ያንን ወስደን የሚሽከረከር ክብ እንሠራበታለን? አዳራሹ ውስጥ ነገ በጀት የሚደለድል ሰው ተቀምጦ?

ለመምረጥ እኮ አዋቂ መሆን አያስፈልግም። ፊትህ የተቀመጠው ሰው ምን መወሰን ይችላል ብለህ ጠይቅ። የሚያውቀውን ሰርዝ። ከቀረው ውስጥ ብዙ የተንቀሳቀሰውን፣ ልዩነቱ የሰፋውን ፈልግ፣ ከስንት ሰው እንደመጣም እይ። እኔ ብሆን ከአንድ ርዕስ አልወጣም ነበር። በጤና ተቋም መውለድ እኤአ በ2000 5 በመቶ፣ በ2011 10፣ በ2016 26፦ ይሄ አንድ። ያ 26 ውስጥ 97ም 15ም አለ፦ ሁለት። ሦስተኛው ነው የሚከነክነኝ። ቢያንስ አንዴ ከባለሙያ የእርግዝና ክትትል ያገኙት 62 በመቶ ናቸው። እርግጥ ክትትሉ የሚቆጠረው በመጨረሻው ልጅ ነው፣ ወሊዱ በአምስት ዓመት በተወለዱት ሁሉ፤ ፍጹም አይገጥሙም። ቢሆንም ክፍተቱ በዚያ አይሞላም። በሩን የምታውቀው እናት ምጧ ሲመጣ የት ሄደች? ይህን ጠይቀህ ብትቀመጥ 10 ደቂቃው አይበቃም።

የእኛ ሰው ስላይድ 19 ላይ እያለ ሰዓቱ አለቀ። “በአጭሩ ልለፍ” ብሎ ቀስቱን ተጭኖ ያዘ። ስላይዶቹ እንደ መኪና መስኮት ሮጡ። 38ኛው ላይ የክልሎቹ ሠንጠረዥ ብልጭ ብሎ ጠፋ። “እናመሰግናለን” የሚለው ከነአበባው መጣና ቆመ።

አዋላጇ ወደ እኔ ዘንበል አለች። “ያቺ 15 የማን ነበረች?”

ሻይ ደርሷል ተባለና ተነሳን።