«ገና ሠራተኛ አይደለም» የሚባለው ሠራተኛ

«በሙከራ ላይ ያለ ሰው ገና ሠራተኛ አይደለም፤ ሦስት ወሩ እስኪያልቅ ያለ ምንም ምክንያት ማሰናበት እንችላለን።» ሰሞኑን አንድ የሰው ሀብት ኃላፊ በአንድ ውይይት ላይ የተናገሩት ይህንን ነው፤ ጭብጨባም አልተነፈጉም።

ከንግግራቸው ሁሉ በቀላሉ የሚፈርሰው «ሦስት ወር» የሚለው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 11 የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መስማማትን እንደሚጠይቅ፣ ሠራተኛው ከተቀጠረበት የመጀመሪያ ቀን አንሥቶም ከ60 የሥራ ቀናት እንደማይበልጥ ደንግጓል። በሳምንት ስድስት ቀን በሚሠራበት ድርጅት፣ በመካከል የበዓል ቀን ከሌለ፣ ይህ አሥር ሳምንት ነው። እንግዲህ «የሙከራ ጊዜ ሦስት ወር» የሚል ውል የፈረመች ሠራተኛ በአሥራ አንደኛው ሳምንት ሐሙስ ቀን ደብዳቤ ቢደርሳት፣ በአሠሪዋ አስተሳሰብ በሙከራ ላይ ነች፤ በሕጉ ግን የሙከራ ጊዜዋን ጨርሳ ሥራዋን በመቀጠሏ፣ ውሏ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደ ጸና ይቆጠራል። ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብታት አሠሪ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ የሚገባትን ሠራተኛ ነው ያባረረው፤ በቂ ምክንያት ማሳየት ካልቻለም ስንብቱ ሕገወጥ ይሆናል። ውሉ ላይ የተጻፈው «ሦስት ወር» ሕጉን አያስረዝመውም።

«ያለ ምንም ምክንያት» የሚለው ደግሞ ይብሳል። አዋጁ ለአሠሪው ያስቀረለት ማስጠንቀቂያውን፣ የሥራ ስንብት ክፍያውንና ካሳውን ነው፤ ምክንያቱን አላስቀረለትም። ያለ እነዚህ ማሰናበት የሚቻለው ሠራተኛው በሙከራው ጊዜ ለሥራው ተስማሚ አለመሆኑ ሲረጋገጥ ነው። ታዲያ ሥራውን ማንም ያልመዘነለት፣ አንድም ጉድለት ያልተነገረው ሰው «አልተስማማንም» በሚል አንድ መስመር ሲሰናበት የተረጋገጠው ምንድን ነው? የአለቃው ስሜት ካልሆነ በቀር፣ ምንም! እርግዝና፣ የማኅበር አባልነት ወይም አቤቱታ ማቅረብ ደግሞ በሙከራም ሆነ ከሙከራ በኋላ የስንብት ምክንያት ሊሆን አይችልም።

አሠሪ የማያውቀውን ሰው መፈተን እንደሚያስፈልገው አልክድም፤ ሕጉም ስለዚሁ ፈቅዶለታል። ነገር ግን ያው አንቀጽ፣ ሕግ ወይም የሥራ ደንብ ወይም የኅብረት ስምምነት በሌላ አኳኋን ካልወሰነ በቀር፣ በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ሙከራውን የጨረሰ ሠራተኛ ያሉት መብቶችና ግዴታዎች እንዳሉት ይናገራል። ደመወዙ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያውና በሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስበት ያለው ጥበቃ ስልሳኛውን ቀን አይጠብቁም። በዚያው አሠሪ ዘንድ ለዚያው ሥራ እንደገና የተቀጠረ ሰውም ዳግመኛ ሙከራ ላይ አይቀመጥም፤ «እንደ አዲስ እንፈትንህ» እያሉ በየጥቂት ወሩ ማስፈረም ሙከራ ሳይሆን ማምለጫ ነው።

ደብዳቤው የደረሳት ሠራተኛ የውሏን ቅጂና የሥራ ቀኖቿን የሚያሳይ የፊርማ መዝገብ ቅጂ በእጇ ብትይዝ ይበጃታል፤ ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ክስ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳልና።