ምስጋና ለዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ ዜሮ ሊቃውንት

ሰሞኑን በአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ግምገማ ላይ p = 0.000 የሚል ቁጥር በቀይ ቀለም፣ ከሦስት ኮከቦች ጋር ግድግዳ ላይ በርቶ አየሁ። አቅራቢው ወደ ቁጥሩ እየጠቆመ «እንደምትመለከቱት የቲ-ቴስቱ ውጤት እጅግ በጣም ጉልህ ነው» አለ። ፈታኞቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ወደሚቀጥለው ሰንጠረዥም ታለፈ። የትኛው ቡድን እንደበለጠ የጠየቀ የለም፤ በስንት እንደበለጠ የነገረንም የለም። እንዲህ ያለ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣችሁ የምታውቁ ሁሉ ያን ራስ መነቅነቅ ታውቁታላችሁ። እኔም ነቀነቅሁ። ነገር ግን ለእነዚህ ሊቃውንት የሚገባቸውን ምስጋና የሚያቀርብ ሰው በመጥፋቱ ዛሬ ብዕሬን አነሣሁ።

ቲ-ቴስት የሁለት ቡድኖችን አማካይ የሚያወዳድር ስሌት ነው፤ በእሱ ዜሮ ላይ መድረስ ቀላል ነገር አይደለም። p የሚባለው ቁጥር የሚነግረን ይህን ነው፦ በሁለቱ ቡድኖች መካከል በእውነቱ ምንም ልዩነት ባይኖር ኖሮ፣ ያገኘነውን ያህል ወይም ከዚያ የሰፋ ልዩነት በአጋጣሚ የማግኘት ዕድላችን ምን ያህል ነበር? ሊቁ ታዲያ «ዜሮ» ብሎ መለሰ። ከሁለት ክፍል ተማሪዎች በሰበሰበው ወረቀት አጋጣሚ የሚባለውን ነገር ከምድር ላይ አጠፋው። ከእንግዲህ የዕቁብ ዳኛ ዕጣ ከማውጣቱ በፊት ይህን ሰው ያማክር፤ ማን እንደሚደርሰው አስቀድሞ ያውቃልና። የሎተሪ ሻጮችም ቲኬታቸውን ጠቅልለው ሌላ ሥራ ይፈልጉ። የእግር ኳስ ዳኛ ሳንቲም ወደ ላይ መወርወሩን ትቶ ወደ ሊቁ ስልክ ይደውል። «ነገ ዝናብ ሊጥል ይችላል» የሚሉ የአየር ትንበያ ባለሙያዎችም «ሊጥል ይችላል» በማለታቸው ይፈሩ፤ የጥናት ውጤት በሚቀርብበት ምዕራፍ አራት ውስጥ «ይችላል» የለም! ኮንዶሚኒየም የተመዘገበ ሰው ካለ ደግሞ ለዓመታት ዕጣ ከሚጠብቅ SPSS የሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም የተጫነበት አንድ ኮምፒውተር ቢፈልግ ይሻለዋል።

ኮምፒውተሩ ግን ዜሮ አላለም። የቆዩ የSPSS እትሞች በሰንጠረዡ ላይ የሚያሳዩት ከነጥብ በኋላ ሦስት አኃዝ ብቻ ስለሆነ፣ ከ0.0005 ያነሰ ማንኛውም ቁጥር ተጠጋግቶ 0.000 ሆኖ ይታያል። ሰንጠረዡን ከፍቶ ቁጥሩ ላይ ሁለት ጊዜ ጠቅ ያደረገ ሰው የተደበቁትን አኃዞች ያገኛቸዋል። ይህን ለማድረግ ጊዜ ያጣ ሰው p < 0.001 ብሎ መጻፍ ይበቃዋል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ጽሑፍ ኮከብ የለውም፤ ቀይ ቀለምም አያምርበትም።

የቲ-ቴስት አባት ዊልያም ጎሴት በደብሊን በጊነስ ቢራ ፋብሪካ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው ጥናት እንዳያሳትሙ ይከለክል ስለነበር ግኝቱን በ1908 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያሳተመው «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም ነው። ምስኪን ሰው፣ ስሙን ደብቆ ውጤቱን ገለጠ። የእኛ ሊቃውንት ስማቸውን በሽፋኑ ላይ በወርቅ ቀለም አስጽፈው ውጤቱን ይደብቃሉ።

ከድብብቆሹ ጥበብ ሁሉ የማደንቀው ግን የሌቪንን ነው። እንበልና 20 ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ተጨማሪ የሒሳብ ትምህርት አገኙ፤ ሌሎች 20 አላገኙም። በፈተናው የመጀመሪያዎቹ አማካይ 68፣ የሁለተኛዎቹ 62 ሆነ። ውጤቶቹ በአማካዩ ዙሪያ ምን ያህል እንደተበተኑ የሚለካው መደበኛ ልይይት ለሁለቱም 9 ነው። ከቆየው SPSS ሰንጠረዡ ሲወጣ Levene's Test የሚል ርእስ ከግራ በኩል ይቀድማል፤ ከሥሩም p የሚጻፍበት Sig. የሚል አምድ አለ፣ 0.871 ይላል። ሊቁ የመጀመሪያውን Sig. ሲያይ ወረቀት ይዞ ሮጠ፤ «ቁጥሩ የጉልህነት ድንበር ከሆነው 0.05 ስለሚበልጥ በቡድኖቹ መካከል ልዩነት የለም» ብሎ ጻፈ። ያ ቁጥር የሚናገረው ግን ስለ አማካዮቹ አይደለም። የሁለቱ ቡድኖች ውጤት በየአማካዩ ዙሪያ የተበተነበት ስፋት መለያየቱን የሚያሳይ ማስረጃ እንዳልተገኘ ነው የሚናገረው፤ ማለትም Equal variances assumed የሚለውን የላይኛውን መስመር ማንበብ ይቻላል ማለት ነው። ሊቁ በትዕግሥት ወደ ቀኝ ቢሄድ ኖሮ Sig. (2-tailed) በሚለው አምድ ሥር 0.042 ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር።

ይህ ያስቆጣል። አርባ ልጆች ተቀምጠው ተፈትነዋል፤ መምህራን ቅዳሜያቸውን ሰጥተዋል። ርእሰ መምህሩ ለሚቀጥለው ዓመት ለመምህራኑ ክፍያ ይመድብ ወይስ አይመድብ ብሎ መልስ ይጠብቃል። እናንተ ግን ሙሉውን ሰንጠረዥ ከእነ እንግሊዝኛ ርእሱ ለጥፋችሁ፣ ከሥሩ ያላነበባችሁትን ቁጥር ገልብጣችሁ፣ «ጉልህ ነው» ወይም «ጉልህ አይደለም» ብላችሁ ትሄዳላችሁ። ያላወቁትን በክፍያ ያሠሩ አሉ፤ ሠርተው የሸጡላቸው አሉ፤ ሳያነቡ የፈረሙም አሉ። በልጆች ድካም መቀለድ ነው እንጂ ጥናት አይደለም!

ሥራው እኮ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ተጨማሪ ትምህርት ያገኙት ተማሪዎች (አማካይ 68፣ መደበኛ ልይይት 9) ካላገኙት (አማካይ 62፣ መደበኛ ልይይት 9) በአማካይ 6 ነጥብ የበለጠ አምጥተዋል፤ t(38) = 2.11፣ p = 0.042፣ የልዩነቱ 95 በመቶ መተማመኛ ወሰን ከ0.2 እስከ 11.8»። ማን እንደበለጠ ተነገረ፣ በስንት እንደበለጠም ተነገረ። ልዩነት ባይኖር ኖሮ 6 ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆን ክፍተት፣ ወደየትኛውም አቅጣጫ፣ ከመቶ ወደ አራት ጊዜ ያህል በአጋጣሚ ይታይ ነበር ማለት ነው። «ትምህርቱ 96 በመቶ ይሠራል» ማለት ግን አይደለም፤ ይህን የሚሉ ሊቃውንት ሌላ ዓምድ ይገባቸዋል። ወሰኑንም ያየ ርእሰ መምህር እውነተኛው ጥቅም ከምንም እምብዛም የማይሻል ሊሆን እንደሚችል፣ ወደ 12 ነጥብ ሊጠጋም እንደሚችል ያውቃል፤ በጀቱንም ዓይኑን ገልጦ ይመድባል።

በቅንፍ ያለችው 38 የነጻነት ደረጃ የምትባለው ናት። ሃያና ሃያ ተደምሮ 40 ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ ቡድን አማካይ አንድ አንድ ሲቀነስ 38። ሊቃውንቱ ይህችን ቁጥር ለምን እንደሚጠሏት ይገባኛል፤ አፏ አያርፍም። ምዕራፍ ሦስት «60 ተማሪዎች ተሳትፈዋል» ብሎ ምዕራፍ አራት t(38) ካለ፣ ሃያ ልጆች በመንገድ ላይ ጠፍተዋል። 31.4 ዓይነት ነጥብ ያለው ቁጥር ከታየ ደግሞ የቡድኖቹ ስርጭት እኩል ካልሆነ የሚነበበው የታችኛው መስመር መነበቡን ትመሰክራለች። ስለዚህ መተዉ ይመረጣል፤ ምስክር የሌለበት ምዕራፍ ሰላማዊ ነው።

ደግሞስ ለምን ይጨነቃሉ? ሌቪንን ቢያነቡ፣ ዜሮ ቢጽፉ፣ ማን እንደበለጠ ቢረሱ፣ ምዕራፍ አምስት እንደሆነ አይነቃነቅም። ልዩነት ቢገኝ «ተጨማሪ ትምህርቱ ተጠናክሮ እንዲቀጥል የሚመለከተው አካል ትኩረት ይስጥ»፤ ባይገኝም «የሚመለከተው አካል ትኩረት ሰጥቶ ተጨማሪ ትምህርቱን ያጠናክር»።